በተዳፋት ላይ ባለ ቤት ዙሪያ የማለዳ ጉም ሲሠራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጦሳ ተራራ ሥር፣ ደሴን ቁልቁል በሚያይ ተዳፋት ላይ ሊሠራ ለታሰበ ባለ አንድ ፎቅ ቤት የመጀመሪያውን ምስል አዘጋጅቼ ለባለቤቱ ሳሳያቸው፣ አዛውንቱ ወረቀቱን ራቅ ጠጋ እያደረጉ ካዩት በኋላ «ልጄ፣ ጉሙንማ በየማለዳው በነፃ አየዋለሁ፤ ቤቴ የታለ?» አሉኝ። አጠገባቸው የነበረው የሥራ ባልደረባዬ «አብሽሩ አባባ፣ ይስተካከላል» ቢላቸውም፣ ምኑ እንደሚስተካከል በዚያች ሰዓት ሁለታችንም አናውቅም ነበር። ምስሉ ያምር ነበር፤ ነገር ግን በረንዳው የት እንደሚያልቅ፣ ጣሪያው ስንት ውሃ እንዳለው፣ ቤቱ በተዳፋቱ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ ሊያሳይ አልቻለም። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ በዚያ አንድ ምስል ላይ የሠራኋቸው ናቸው። ሥራው የተሠራው በብሌንደር ስለሆነ የምጠቅሳቸው ስሞችና ቁጥሮች የእርሱ ናቸው፤ ምክንያቶቹ ግን ጉምን ቦታ እንደሚይዝ አካል አድርጎ ማስላት በሚችል በማንኛውም የስሪዲ ፕሮግራም ላይ ይሠራሉ።

መጀመሪያ ቦታውን ላስቀምጥ። ተዳፋቱ ወደ ምሥራቅ የሚወርድ ሲሆን የቤቱ ፊትም ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ከተማው ይመለከታል። ካሜራው ከቤቱ በስተ ሰሜን 70 ሜትር ርቆ ቆሞ፣ ወደ ደቡብ ትንሽም ወደ ምዕራብ ዘንበል ብሎ ያያል፤ ስለዚህ በምስሉ ግራ ቁልቁለቱ፣ በቀኝ ዳገቱ ይታያል። ከካሜራው ሲታይ ከቤቱ ኋላ 40 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ፈፋ አለ፤ ከፈፋው ማዶ ባሕር ዛፎች፣ ከእነርሱ በስተ ኋላ ደግሞ ከካሜራው 600 ሜትር ያህል የሚርቅ ተረተር ይታያል።

ስህተት አንድ፦ መላውን ቦታ በአንድ ዓይነት ጉም መሙላት

ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገው ይህንን ነው፤ እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ቤቱን፣ ዛፎቹንና ካሜራውን ሁሉ የሚውጥ ትልቅ ሣጥን ይሠራና የጉሙን ባሕርይ የሚወስነው የ Principled Volume ጥግግት 0.02 ተብሎ ይሰጠዋል። ቁጥሩ ትንሽ ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም። የጉም ሥራ ግን በጥግግቱ ብቻ ሳይሆን ጥግግቱ በርቀት ተባዝቶ በሚገኘው ውጤት የሚለካ ነው። ከዕቃው ተነሥቶ ሳይበተን ካሜራው ዘንድ የሚደርሰው የብርሃን ድርሻ የሚገኘው በዚህች ቀመር ነው፤ d ጥግግቱ፣ L ደግሞ ብርሃኑ በጉሙ ውስጥ የሚያቋርጠው ርቀት በሜትር ነው።

```
T = exp(-d * L)
```

በ0.02 ጥግግት 70 ሜትር ሲታለፍ ውጤቱ 0.25 ያህል ይሆናል። ይኸውም በነጩ ግድግዳና በጨለማው መስኮት መካከል ከነበረው ልዩነት ካሜራው ዘንድ የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረውን ቦታ የጉሙ የራሱ ብርሃን ይሞላዋል። በሌላ መንገድ ለመመዘን፣ 3.9ን ለጥግግቱ ማካፈል በዚያ ጉም ውስጥ ዓይን ሊያይ የሚችለውን ርቀት በግምት ይሰጣል። በ0.02 ይህ ርቀት 195 ሜትር ብቻ ይሆናል። የዓለም የሚቲዎሮሎጂ ድርጅት እይታ ከ1 ኪሎ ሜትር በታች ሲወርድ ጉም ብሎ ስለሚጠራው፣ ያ ትንሽ የመሰለ ቁጥር መኪና መብራት አብርቶ የሚሄድበት የሐረጎ ቁልቁለት ዓይነት ድፍን ጉም ነበር ማለት ነው።

መፍትሔው ጉሙን በጠቅላላው ማሳሳት እንዳይመስላችሁ። እርሱንም ሞክሬዋለሁ፤ ጥግግቱን ወደ 0.004 ስቀንሰው ቤቱ ጠራ፣ ነገር ግን ከኋላው ያሉት ባሕር ዛፎችም አብረው ጠሩና የማለዳው መንፈስ ጠፋ። ቤቱና ዛፎቹ በካሜራው ዓይን ያላቸው የርቀት ልዩነት 40 ሜትር ብቻ በመሆኑ፣ አንድ ዓይነት ጉም ሁለቱን በበቂ ሁኔታ ሊለያቸው አይችልም። የሚያስፈልገው ጉሙን ማከፋፈል ነው። በመላው ቦታ ላይ 0.002 የሆነ ስስ ጉም አደረግሁ፤ ይህም ከቤቱ ብርሃን ከመቶ 87ቱን ያሳልፋል። ከዚያ ፈፋውን ብቻ የሚሞላ፣ የመሬቱን ቅርጽ የተከተለ ሁለተኛ አካል ሠርቼ ጥግግቱን 0.02 አደረግሁት። ከባሕር ዛፎቹ የሚመጣው ብርሃን ይህንን 40 ሜትር አቋርጦ፣ በስሱም ጉም አልፎ ካሜራው ዘንድ ሲደርስ ከመቶ 40 ያህል ይቀራል፤ ከተረተሩ የሚመጣው ደግሞ ወደ ከመቶ 15 ይወርዳል። 87፣ 40፣ 15። ሦስቱ እርከኖች ተራርቀው የቆሙ በመሆናቸው ዓይን ቅርቡን፣ መካከለኛውንና ሩቁን ሳይደክም ይለያል፤ በቤቱና በካሜራው መካከልም ከስሱ ጉም በስተቀር ምንም የለም።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎችን በአጭሩ ልጨምር። ጉሙን ሰማዩንና ዙሪያውን በሚወስነው በ World ላይ ማያያዝ ቀላል ቢመስልም፣ ፀሐይና የሰማይ ምስል እጅግ ሩቅ እንዳሉ ተደርገው ስለሚታሰቡ ብርሃናቸው ወሰን የሌለውን ጉም ማለፍ ተስኖት ቦታው ይጨልማል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ወሰን ያለው አካል መጠቀም ይገባል። ሁለተኛ፣ የቤቱ ሞዴል ከሌላ ፕሮግራም በሴንቲ ሜትር ተለክቶ ከመጣና 12 ሜትር የሆነው ግድግዳ 1200 ሜትር ሆኖ ከገባ፣ ያው ቁጥር መቶ እጥፍ የደፈነ ጉም ይሆናል። ቁጥሩ ልክ ሆኖ ምስሉ ድፍን ነጭ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚመረመረው የግድግዳው ርዝመት ነው።

ስህተት ሁለት፦ የክረምቱን ጉም ከመስከረሙ ጋር መቀላቀል

ደሴን የሚያውቅ ሰው ሁለት ዓይነት ጉም ያውቃል። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ጦሳ ላይ ወርዶ ይተኛል፤ ያኔ ጉሙ ከላይ ወደ ታች የሚመጣ፣ ወሰኑ የማይታወቅ ነው፤ ፀሐይ የለም፣ ጥላም የለም። ዝናቡ ካበቃ በኋላ ግን ሰማዩ በጠራ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ይለቅና የቀዘቀዘው አየር ከተዳፋቱ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይፈስሳል፤ ጉሙም እዚያው ሸለቆውና ፈፋው ውስጥ ተኝቶ ያድራል። የዚህኛው ጉም የላይኛው ገጽ እንደ ኩሬ ውሃ ለጥ ያለ ነው፤ ከእርሱ በላይ አየሩ ጥርት ያለ ነው፤ ፀሐይ ሞቅ ስትልም ከጫፍ ከጫፉ እየተበጣጠሰ ይነሣል።

ስህተቱ የክረምቱን ጉም በየቦታው ረጭቶ የመስከረምን ፀሐይና ስለት ያለው ጥላ መጨመር ነው። ተመልካቹ የሚቲዎሮሎጂ ትምህርት ባይኖረውም በዚያ አገር ያደገ በመሆኑ አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ይሰማዋል። ቤቱ እንዲታይ ለሚፈልግ ሰው የመስከረሙ ጉም ይመረጣል፤ ዝቅ ብሎ የሚተኛ በመሆኑ ቤቱን ነፃ የሚለቀው በተፈጥሮው ነውና። በተግባርም የጉሙ አካል የላይኛው ገጽ አግድም ለጥ ያለ ይደረጋል፤ የ Noise Texture ቅርጽም ወደ ጎን ሦስት አራት እጥፍ ይለጠጣል። ሳይለጠጥ ከቀረ ጉሙ እንደተነደፈ ጥጥ ጉብ ጉብ ይላል፤ ይህ ጉድለት ከሩቅ ያስታውቃል።

ስህተት ሦስት፦ ጉሙ ፀሐይዋን እንደሚከልል መርሳት

ይህ ስህተት ከሁሉም ይበልጥ ጊዜ የፈጀብኝ ነው፤ ምክንያቱም ጉሙ በካሜራው ፊት ስላልነበረ ጥፋቱ ከእርሱ መሆኑ አልታየኝም። በመስከረም ሁለተኛው ሳምንት ፀሐይ ከምሥራቅ ትወጣለች፤ በወሎ ኬክሮስም በየሰዓቱ 15 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ከፍታዋ 15 ዲግሪ ያህል ነው። እኔም ፀሐይዋን እዚያ አስቀምጬ፣ በግራ በኩል በከተማው አቅጣጫ ያለውን ሸለቆ ከቤቱ ወለል በላይ 10 ሜትር ያህል ከፍ በሚል ጉም ሞልቼው ነበር። እንዲህ ዝቅ ያለች ፀሐይ የምትልከው ብርሃን የ10 ሜትሩን ጉም የሚያቋርጠው በአግድም ተንጋድዶ በመሆኑ፣ በውስጡ የሚጓዘው ርቀት ወደ 39 ሜትር ይደርሳል። በ0.02 ጥግግት ከዚያ የሚተርፈው ብርሃን ከግማሽ በታች ነው። የቤቱ ፊት ደበዘዘ፣ የአሸንዳው ጥላ በግድግዳው ላይ ጠፋ። የቤትን ቅርጽ የሚያስነብበው ደግሞ በብርሃኑና በጥላው ገጽ መካከል ያለው ልዩነት ነው። እኔ ግን ጉዳዩን ሳልረዳ የፀሐይዋን ኃይል ደጋግሜ ጨመርሁ፤ ይህም ጉሙን አበራው እንጂ ለቤቱ የፈየደው ነገር አልነበረም።

በመጨረሻ የሸለቆውን ጉም የላይኛ ገጽ ከቤቱ የመሠረት ግንብ 2 ሜትር ዝቅ አደረግሁት። የፀሐይዋ ብርሃን ያለምንም ከልካይ ግድግዳውን መታው፣ የአሸንዳው ጥላ ተመለሰ፣ ከታች ያለው ጉምም የከተማውን ጣሪያዎች ሸፍኖ ቤቱ ከፍታ ላይ መሆኑን ራሱ ተናገረ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር የፀሐይዋና የካሜራው አቅጣጫ ነው። ካሜራው ቁልቁል ቆሞ ወደ ጦሳ ሽቅብ፣ ማለትም ወደ ምዕራብ ቢያይ ፀሐይዋ ከጀርባው ትሆናለች፤ ቤቱ ይበራል፣ ጉሙ ግን ለዛ የሌለው ግራጫ ይሆናል። በተቃራኒው ከዳገቱ ወደ ምሥራቅ ቢያይ ጉሙ እንደ ብር ያበራል፤ ቤቱ ግን ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ነው ከጎን የመረጥሁት። Anisotropy የሚባለው ቁጥር ጉሙ ብርሃንን ወደ ፊት ምን ያህል እንደሚገፋ ይወስናል። እውነተኛ የውሃ ጠብታዎች እጅግ ወደ ፊት ስለሚገፉ 0.8 መስጠት የሚያጓጓ ቢሆንም፣ ፀሐይዋ በጎን ባለችበት ምስል ላይ ይህ ጉሙን ያጠቁረዋል፤ እኔ 0.3 ላይ ተውሁት። ትክክለኛው የፊዚክስ ቁጥር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለዓይን ግን የሚስማማው እርሱ ነበር።

ስህተት አራት፦ ቆርቆሮውን በጉሙ ውስጥ ማቅለጥ

አዲስ ቆርቆሮ በማለዳ ሰማይ ሥር ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ የጉም ቀለም ነው። ሁለቱም የሚያንጸባርቁት ያንኑ ሰማይ ነውና። በእኔ ምስል ከጣሪያው በስተ ኋላ የነበረው የፈፋው ጉም ከጣሪያው አናት በላይ ስለሚዘልቅ፣ የጣሪያው ጫፍና ጉሙ አንድ ሆነው ቤቱ አናቱ የተላጨ መስሎ ነበር። ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሬ ከ0 እስከ 1 ባለው ልኬት ስለካው ጣሪያው 0.61፣ ከበስተ ኋላው ያለው ጉም 0.58 ሆኖ አገኘሁት። በቀለም ሲታይ አንዱ ወደ ሰማያዊ ሌላው ወደ ቢጫ ስለሚያደላ የተለያዩ ይመስሉ ነበር፤ ሕትመት ላይ ሲሆን ግን ያ ልዩነት ይጠፋል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚያደርገው የጣሪያውን ቀለም መቀየር ነው። ባለቤቱ የመረጡት ቆርቆሮ እያለ ለምስሉ ሲባል ቀይ ጣሪያ መሥራት ግን ተገቢ አይመስለኝም። ያደረግሁት የፈፋውን ጉም ከፍታ ወደ አሸንዳው መስመር ማውረድ ነው። ከዚያ ወዲህ የጣሪያው አናት የሚያርፈው ከጉሙ በላይ ብቅ ባሉት፣ ጠቆር ባሉት የባሕር ዛፍ ቅጠሎች ላይ ሆነና ጠርዙ በአንድ ጊዜ ወጣ። የቅጠሎቹ ልኬት 0.35 አካባቢ ነበር። በካሜራው በኩል ያለው የጎን ግድግዳ ደግሞ ጥላ ውስጥ በመሆኑ፣ ከበስተ ኋላው ካለው ብሩህ ጉም ጠቆር ብሎ ይታያል፤ ፀሐይ የመታው የፊት ግድግዳ ከጉሙ ይበልጣል። በአንድ ጉም ፊት አንዱ ገጽ ጨልሞ ሌላው በርቶ ሲቆም የቤቱ ማዕዘን ያለምንም ተጨማሪ ሥራ ይነበባል። እኔ በጥቁርና ነጭ ልኬት ከ0.15 ያነሰ ልዩነት ያለውን የቤቱን ዋና ጠርዝ እንደጠፋ እቆጥረዋለሁ። መለኪያ ለሌለው ሰው ምስሉን እስከ ቴምብር ድረስ አሳንሶ ማየት በቂ ነው፤ በዚያ መጠን የጣሪያው ቅርጽ ካልታየ፣ በትልቁ መታየቱ ሠሪው ቤቱን ስለሚያውቀው ብቻ ነው።

ስህተት አምስት፦ የቤቱን እግር መሸፈን

ጉም እግር ሥር ሲተኛ ያምራል፤ በተዳፋት ላይ ያለ ቤት ግን ዋናው ጉዳዩ እግሩ ነው። የመሠረት ግንቡ በቁልቁለቱ በኩል ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ አፈሩን የሚደግፈው ግንብ የት እንደሚጀምር፣ ከመንገዱ ወደ በረንዳው የሚያደርሰው ደረጃ ስንት እርከን እንዳለው፣ ባለቤቱም ግንበኛውም ማየት የሚፈልጉት ይህንን ነው። ይህ ሁሉ ሲሸፈን ቤቱ መሬት ያልነካ፣ ተንሳፋፊ ነገር ይሆናል። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ቦታዎች ላይ ግንቡ ሣሩን ሲነካ በግልጽ መታየት አለበት፤ እኔ በደረጃው ሥርና በቁልቁለቱ ማዕዘን ላይ አደረግሁት። ከታች የሚመጣ አንድ የጉም ምላስ ግንቡን በመካከሉ ጥቂት ቢልስ ግን አይጎዳም፤ እንዲያውም ድንጋዩ እርጥብ መሆኑን ያሳምናል።

ስህተት ስድስት፦ ቤቱን በመቀስ እንደቆረጡት ከጉሙ ማውጣት

ቤቱ እንዲታይ ከተፈለገ፣ የቤቱን ቅርጽ በ Cryptomatte ለይቶ ከጉሙ ሙሉ በሙሉ ማውጣት ቀላሉ መንገድ ይመስላል። ውጤቱ ግን ከሌላ ፎቶግራፍ ተቆርጦ የተለጠፈ ቤት ነው። ስህተቱ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ በቤቱ ላይ ሳይሆን ከፊቱ ባለ ቁጥቋጦ ነው፤ ለካሜራው የሚቀርበው ቁጥቋጦ ጉም ለብሶ፣ ከእርሱ የሚርቀው ግድግዳ ጥርት ብሎ ሲታይ የርቀት ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ጥራቱን መጨመር ካስፈለገ፣ ምስሉን አንድ ጊዜ ከጉም ጋር፣ አንድ ጊዜ ያለ ጉም ሬንደር አድርጎ፣ ጉም የሌለውን ከመቶ 30 ባልበለጠ መጠን፣ ዳርቻው በለሰለሰ ጭምብል፣ ቁጥቋጦውንም ጨምሮ መቀላቀል ይሻላል።

ለሩቁ ተረተር ደግሞ በጉም አካል መሙላት ሬንደሩን ከማዘግየት ያለፈ ጥቅም ስለሌለው፣ ለብቻው ወጥቶ በኋላ በምስሉ ላይ የሚደረበው የ Mist ፓስ ይበቃል። ይህ ፓስ የሚያውቀው ከካሜራ ያለውን ርቀት ብቻ ነው፤ ከፍታን አያውቅም። ስለዚህ በፈፋ ውስጥ የተኛ ጉምን ሊተካ አይችልም። ለዚህ ቦታ የሰጠሁት ቁጥር የሚከተለው ነው።

```python
import bpy
bpy.context.view_layer.use_pass_mist = True
m = bpy.context.scene.world.mist_settings
m.start = 80
m.depth = 600
m.falloff = 'QUADRATIC'
```

መነሻው 80 ሜትር በመሆኑ በ70 ሜትር ላይ ባለው የቤቱ ገጽ ላይ ምንም አያርፍም። QUADRATIC የርቀቱን ድርሻ በራሱ ስለሚያባዛው፣ በ110 ሜትር ላይ ባሉት ባሕር ዛፎች ላይ የሚጨምረው ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ በ600 ሜትር ላይ ያለው ተረተር ግን ከመቶ 75 ያህል ይሸፈናል። በአንጻሩ INVERSE_QUADRATIC ከመነሻው ጀምሮ በፍጥነት ስለሚያድግ በዛፎቹ ላይ ከመቶ 22 ያህል ይጭናል፤ ይህም የፈፋው ጉም ከሠራው ሥራ ላይ ይደረብበታል። Mist ፓስን ከተጠቀሙ በመላው ቦታ ላይ ያለው ስስ ጉም ከባሕር ዛፎቹ መስመር እንዳያልፍ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ተረተሩ ሁለት ጊዜ ጉም ለብሶ ፈጽሞ ይጠፋል። በመጀመሪያው ሙከራዬ እንዲሁ ጠፍቶብኝ ነበር፤ አዛውንቱም በሁለተኛው ምስል ቤታቸውን ካገኙ በኋላ የጠየቁኝ «ተራራውንስ የት አደረስኸው?» ብለው ነው።